ሥራው በጭንቀት ካለቀ በኋላ ቡድንን ማመስገን፦ የ3 ደቂቃ ንግግር እንዴት ይዘጋጃል?

ርክክቡ ተፈርሟል። መሣሪያው እየተጫነ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ሰዉ ይበተናል። ከዚያ በፊት አለቃው ሰዉ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ማለት አለበት። ይህን የምጽፈው ለዚያ አለቃ ነው፤ የሳይት መሐንዲስም ይሁን የክፍል ኃላፊ ወይም ፎርማን።

ሥራው በሰላም ያለቀ ጊዜ ምስጋና ቀላል ነው። የሚከብደው በጥድፊያ ያለቀ ጊዜ ነው። ሰዉ ደክሟል፣ እርስ በርሱ ተጨቃጭቋል፣ የተጮኸበትም አለ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የተለመደውን «ሌት ከቀን ሳትሉ ላባችሁን አንጠፍጥፋችሁ…» ሲሰማ ያጨበጭባል እንጂ አይሰማም። ስለዚህ ንግግሩ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት። ማን ምን እንደሠራ በዝርዝር ይናገር፤ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣም በግልጽ ያስቀምጥ። ሁለተኛው ብዙ አለቃ የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ንግግሩ ጸንቶ የሚቆመው በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚፈስ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ የሚሠራ የ30 ሰው ቡድን አለ እንበል። ሥራው እስከ ሰኔ 30 ማለቅ ነበረበት። ሲሚንቶ 3 ሳምንት ዘገየ። ሲሚንቶው ሲመጣ ደግሞ የቦዩ ስፋት ተቀየረና የተሠራው ካሳፎርማ እንደገና ፈረሰ። ቀኑ ግን አልተገፋም፣ ሊገፋም አይችልም ነበር። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ውኃ ደቻቱን ሊሞላው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለበት ከተማ ውስጥ «ቦዩ ለክረምቱ አልደረሰም» የሚባል ነገር የለም። ሙቀቱ ደግሞ አለ። ቀን የሚሞላ አርማታ ውኃውን ቶሎ ስለሚያጣና ስለሚሰነጠቅ ሙሌቱ ወደ ሌሊት ተዛወረ። የመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት በዚህ ሁኔታ አለፉ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ዝጉ

ከብዕሩ በፊት ፔሮሉን ክፈቱ። የትርፍ ሰዓት ያልተከፈለው አንድ ሰው እንኳ ካለ ንግግሩን አታድርጉ፤ ከፍላችሁ ተመለሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ነው። የሌሊት ሙሌት የነበረበት ሳይት ላይ በብዛት የሚሳሳተው ይኼ ነው፤ ሁሉም ሰዓት በ1.5 ተደፍኖ ይሠራል። በሰዓት 50 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ትርፍ ከሠራ የሚገባው 350 ብር ነው። በ1.5 ከተሠራ 300 ይሆናል። በአንድ ሌሊት የጎደለው 50 ብር በብዙ ሌሊት ሲደመር ሠራተኛው ልቡ ውስጥ ይዞት የሚቆም ነገር ነው። ምስጋናውን የሚሰማው ያንን እያሰበ ነው።

ሌላም አለ። ፕሮጀክት ሲያልቅ የብዙዎቹ ሥራም አብሮ ያልቃል። የቀን ሠራተኛውን «እናመሰግናለን» ያላችሁበት ቀን እንጀራው የተቋረጠበት ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቹ ንግግሩ ከመደረጉ በፊት ተጽፈውና ማኅተም አርፎባቸው ይጠብቁ። ይህን ማስረጃ ሠራተኛው ሲሰናበት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። በደብዳቤው ላይ የሥራውን ዓይነት በትክክል ጻፉ። «የጉልበት ሠራተኛ» ተብሎ የሚወጣው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቫይብሬተር የያዘ ከሆነ ያ ይጻፍለት። የሚቀጥለውን ሥራ የሚያገኘው በዚያ ነው።

ማን ምን እንደሠራ ሰብስቡ

ይኼ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈልጋል። ሁለት ምንጭ ተጠቀሙ። አንደኛው የሳይቱ የዕለት መዝገብ ነው። የመጨረሻዎቹን 4 ሳምንታት ገጽ በገጽ አንብቡና ሥራው ሊቆም ሲል ያልቆመባቸውን ቀናት ምልክት አድርጉ። ሚክሰሩ የተበላሸበት ሌሊት፣ ሾፌሩ ሲሚንቶ ፍለጋ የሄደበት ቀን፣ ቦቴው የቀረበት ጠዋት፤ እያንዳንዱ ምልክት ጀርባ ሰው አለ።

ሁለተኛው ምንጭ ፎርማኑ፣ ስቶር ኪፐሩና ዘበኛው ናቸው። «ጎበዙ ማን ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የምታገኙት ሁላችሁም የምታውቁትን ስም ነው። ጥያቄው «ማን ቢቀር ኖሮ በማግስቱ ሥራው ይቆም ነበር?» ይሁን። በዚህ ጥያቄ የማትጠብቁት ሰው ይመጣል። በምሳሌያችን ቦይ ላይ የመጣችው ውኃ የምታጠጣዋ ሴት ናት። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በድሬ ሙቀት ያ ማለት ላዩ ላይ የተነጠፈው ጆንያ ሳይደርቅ ደጋግሞ ማርጠብ ነው። ጎህ ሳይቀድ መጥታ የምትጀምረው እሷ ነበረች። ያን ሰዓት መሐንዲሱ ቤቱ ተኝቷል፤ ያያት ዘበኛው ብቻ ነው።

የሰማችሁትን ሁሉ አረጋግጡ። ለአንዱ የሌላውን ሥራ መስጠት ስሙን ጨርሶ ካለመጥራት ይብሳል። ሚክሰሩን የጠገነው ሌላ ሰው ከሆነ ሰዉ ወዲያው ያውቃል፣ ያንጎራጉራል። ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ አይታመንም።

ሠላሳውን በ3 ደቂቃ

ሁሉንም ስም እየጠሩ ማመስገን ዝርዝር ማንበብ ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ መርጦ ማወደስ ደግሞ ሃያ ስምንቱን ያስቀይማል። የሚሠራው መንገድ እንዲህ ነው። ቡድኑን በሙያ ክፈሉት፤ ፌራዮዎች፣ አናጺዎች፣ ግንበኞች፣ ሙሌት ላይ የነበሩት፣ ስቶርና ጥበቃ፣ ሾፌሮች። ለእያንዳንዱ ክፍል የሠራውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ሦስት ሰዎችን ብቻ ቀረብ አድርጋችሁ አሳዩ። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው የማይታይ ሰው ይሁን። ሦስቱም ከአንድ ክፍል ወይም ከአለቃው ጓደኞች እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ።

ስማቸው የማይጠራውስ? ሃያ ሰባቱን በዚያው ቀን እየዞራችሁ በእጅ ጨብጡና በቃል የሚገባውን በሉ። ያ ከንግግሩ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከባዱ ዓረፍተ ነገር

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ጭንቀቱ ከየት መጣ? በምሳሌያችን ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ በማንም እጅ ያልነበረ ነው፤ ክረምቱ አይጠብቅም። ሌላው የአለቆች ነው፤ የሲሚንቶ ትዕዛዝ ዘግይቶ ወጣ፣ የስፋቱ ለውጥም ለሳይቱ በጊዜው አልተነገረም። ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ካሳፎርማውን በገዛ እጁ ያፈረሰው አናጺ ለምን እንዳፈረሰ ያውቃል። እናንተ ዝም ካላችሁ ሁለት ነገር ያስባል፦ ወይ አላወቁም፣ ወይ አውቀው ይደብቃሉ።

ስለዚህ በራሳችሁ በኩል የነበረውን በ«እኔ» ተናገሩ። «አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ» የሚለው አነጋገር አይጠቅምም፤ ክፍተት ብቻውን አይፈጠርም። «የሲሚንቶውን ትዕዛዝ ዘግይቼ የላክሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ምክንያት እናንተ 4 ሳምንት በሌሊት ሠራችሁ» ብትሉ ግን ምክንያቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ጥፋቱ ከእናንተ በላይ ካለ ሰው ከሆነ ያን ሰው በሌለበት አትክሰሱ። «ለውጡን ቶሎ ማሳወቅ የእኛ የአስተዳደሩ ሥራ ነበር» ማለት ይበቃል።

ልኩ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ካለፈ ስብሰባው የእናንተ ኑዛዜ ይሆንና ሠራተኛው መልሶ እናንተን ማጽናናት ይጀምራል። ያን ቀን የማጽናናት ሸክም ልትጭኑበት አይገባም። «ግን» የሚል ቃልም አታስከትሉ። «ዘግይቻለሁ፣ ግን እኔም ጫና ነበረብኝ» ሲባል የመጀመሪያው ግማሽ ይሰረዛል።

የጮኻችሁበት ሰው ካለ ይቅርታውን እዚህ አታስገቡት። ከንግግሩ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ሲጠየቅ «ምንም አይደል» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም።

ሙሉው ንግግር

የሚከተለው በዚህ መንገድ የተጻፈ ነው። ለምሳሌ ስለሆነ ሰዎቹን በሥራቸው ጠርቻቸዋለሁ። እናንተ በየቀኑ ሳይት ላይ በምትጠሯቸው ስም ጥሯቸው።

«እንደምን ዋላችሁ። አላስቆማችሁም፣ 3 ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።

ቦዩ ሰኔ 29 አልቋል። ትናንት ውኃ ለቀንበት፣ እስከ መጨረሻው ወረደ። ከዚህ በታች ያሉ ቤቶች ይህን ክረምት ቦይ አላቸው። የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም እናውቃለን። የሲሚንቶውን ትዕዛዝ ዘግይቼ የላክሁት እኔ ነኝ። የስፋቱን ለውጥም በጊዜው አላሳወቅናችሁም። በዚያ ምክንያት የሠራችሁትን አፈረሳችሁ፣ 4 ሳምንትም ከቤታችሁ ርቃችሁ በሌሊት ሠራችሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አናጺዎች፣ የገጠማችሁትን ካሳፎርማ በእጃችሁ ፈታችሁ በ5 ቀን መልሳችሁ ገጠማችሁ። ፌራዮዎች፣ አናጺዎቹን ሳትጠብቁ ብረቱን ከጎን አስራችሁ አዘጋጃችሁ፤ ሁለት ቀን ያተረፍነው በዚያ ነው። ግንበኞች፣ ታች ያለውን የድንጋይ ግንብ ያለ ሚክሰር በእጅ አቡክታችሁ ጨረሳችሁ። ስቶር፣ አንድም ሌሊት «ቁልፉ የለም» አልተባልንም።

ሦስት ሰዎችን ልጥራ። ኦፕሬተራችን፣ ሙሌቱ ግማሽ ላይ ሚክሰሩ ሲቆም በስልክ መብራት ፈትተህ በአንድ ሰዓት አስነሣኸው። ሙሌቱ እዚያ ቢቋረጥ ያን ክፍል እናፈርሰው ነበር። ሾፌራችን፣ ሲሚንቶ ጠፋ ሲባል ሐረር ድረስ ወጥተህ ጭነህ በዚያው ሌሊት ተመለስክ። ሦስተኛዋ፣ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ጆንያውን ያረጠበችልን እህታችን ናት። ዛሬ ቦዩን ሂዱና እዩት፤ ስንጥቅ የለበትም። ያ የእሷ ሥራ ነው።

ክፍያችሁ ተጠናቆ ገብቷል። የጎደለበት ሰው ካለ እስከ ነገ 6 ሰዓት ቢሮ አለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁም ተዘጋጅቷል፣ አሁን ትወስዳላችሁ።

እያንዳንዳችሁን አመሰግናለሁ። ገለቶማ። መሃድሰኒዲን። ምግቡ ቀርቧል፣ ብሉ።»

ይህ በእርጋታ ሲነገር 3 ደቂቃ ገደማ ነው። የራሳችሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ለኩት። በልብ ሲነበብ ሁልጊዜ አጭር ይመስላል። ከ4 ደቂቃ ካለፈ ከሙያ ክፍሎቹ ዓረፍተ ነገሮች አሳጥሩ፤ ስለ ጭንቀቱ ያለውን አትንኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ይህ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፣ ለቀጣዩ ደግሞ በርቱ» የሚል የለበትም። የደከመ ሰው ይህን ሲሰማ ምስጋናው የሚቀጥለው ሥራ ቀብድ መሆኑን ይረዳል። «እንደ ቤተሰብ ነን» የሚልም የለም። ነገ ሊሰናበት የሚችል ሰው ፊት ያ ቃል ያማል። የሁለት ሰዎች ጠብ ከነበረም አታንሱት፤ በቀልድም ቢሆን።

ቀን፣ ሰዓት፣ ምግብ

ድሬ ላይ እኩለ ቀን ሰው ሰብስቦ ማቆም ቅጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት ጥሩ ነው፤ የዐስር ሰላት አልፏል፣ መግሪብ ገና ነው። ዓርብ ከሆነ የጁምዓውን ሰዓት አትንኩ። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉና ፀሐይዋ በእናንተ ፊት ላይ እንድትሆን ቁሙ፤ ሠራተኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንዳያዳምጥ።

ከሌሊት ሥራ በማግስቱ አታድርጉት። አንድ ሌሊት ተኝተው ይምጡ። ግን ከአንድ ሳምንት በላይም አታዘግዩ፤ የቀን ሠራተኛው ሌላ ሳይት ገብቶ ታጡታላችሁ።

ምግቡ ቀላል ቢመስልም ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚሠራበት ቡድን ውስጥ ሥጋ ካቀረባችሁ ለየብቻ የታረደ መሆን አለበት። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም አለ። ትልቅ በጀት ከሌለ የምስር ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ፣ ሻይና ቀዝቃዛ ውኃ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። አንዱ ወገን ዳር ቆሞ ሌላው ሲበላ የሚያይበት ግብዣ የተናገራችሁትን ሁሉ ያፈርሰዋል። ረመዳን ከሆነ ንግግሩን ከማፍጠሪያው በፊት አድርጋችሁ በቴምርና በሾርባ አስፈጥሩ።

ስለ ቋንቋ፦ አማርኛ ሁሉም ይረዳል ብላችሁ አትገምቱ። ከቀን ሠራተኞቹ መካከል ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የሚቀለው ካለ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ከባዱን ዓረፍተ ነገርና የክፍያውን ጉዳይ እንዲተረጉም ቀድማችሁ ንገሩት፤ ጽሑፉንም ስጡት። በኦሮምኛና በሶማሊኛ የምትባለውን የምስጋና ቃል ግን ራሳችሁ በሉት። አነጋገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዱ።

ስትናገሩ

ወረቀት ያዙ። ስልክ አትያዙ፤ ጥሪ ይገባል፣ ሰዉም መልእክት የምታነቡ ይመስለዋል። በወረቀቱ ላይ ንግግሩን ሙሉውን አትጻፉ። ስሞቹን፣ የሠሩትን፣ ቁጥሮቹንና ከባዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ በትልቁ ጻፉ። ከባዱን ግን ቃል በቃል ጻፉት፤ እዚያ ጋ ሰው ይደናገጥና ወደ «አንዳንድ ክፍተቶች» ይሸሻል።

ስም ስትጠሩ ሰውየውን ፈልጉና እዩት። ስሙን ጠርታችሁ አፍታ ቆዩ፤ ጓደኞቹ ይጮኻሉ፣ ድሬ ነው፣ «አቦ!» ይላሉ። ጩኸቱ ይብረድና ቀጥሉ።

ሁለት ነገር ሊያጋጥም ይችላል። አንደኛው ሰው መርሳት ነው። በመሃል ትዝ ካላችሁ ወዲያው «አንድ ሰው ዘልያለሁ» ብላችሁ ጥሩት። ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነ ምግቡ ላይ ሁሉም እየሰማ ጥሩት፤ ለነገ አታሳድሩት።

ሁለተኛው አንድ ሰው ተነሥቶ ቅሬታ ማሰማቱ ነው። «የእኔ የሁለት ሌሊት ሒሳብ የለም» ሊል ይችላል። አትከራከሩ፣ «ይህ ቦታው አይደለም»ም አትበሉ። «ስንቱ ሌሊት ነው? ልጻፈው» ብላችሁ እዚያው ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት፤ ነገ ስንት ሰዓት መልስ እንደሚያገኝ ንገሩት። ሌሎቹ የሚያዩት የጻፋችሁበትን እጅ ነው። በማግስቱ በሰዓቱ ቢሮ ተገኙና መዝገቡን አብራችሁ ክፈቱ። ስህተቱ የእናንተ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ቀን ክፈሉት፣ ሒሳቡ እንዴት እንደተሠራም በወረቀት ስጡት።